ማስታወቂያውን ማን ይጨርሰዋል?

«የዓይን ሞራ ግርዶሽ ችግር ላለባቸው የኅብረተሰብ ክፍሎች ነጻ የቀዶ ሕክምና አገልግሎት ለመስጠት የሚያስችል ቅድመ ዝግጅት የተጠናቀቀ በመሆኑ፣ ተጠቃሚዎች በቅድሚያ በብቸና የልየታ ምርመራ እንዲደረግላቸውና የተለዩት ወደ ሞጣ እንዲጓጓዙ የሚደረግ መሆኑን እየገለጽን፣ ከቀዶ ሕክምናው በኋላም ፈሳሽ ነገሮች ወደ ዓይን እንዳይገቡ አስፈላጊው ጥንቃቄ ሁሉ እንዲደረግ እናሳስባለን።»

ይህ ሁሉ አንድ ዓረፍተ ነገር ነው። ከበላይ ቢሮ እንደመጣ፣ ከነማህተሙ፣ በስልኬ ፎቶ አንስቼ፣ ጽሑፉንም እንዳለ ከላዩ ገልብጬ፣ በጤና ቢሮአችን የፌስቡክ ገጽና የቴሌግራም ቻናል ላይ ለጠፍኩት። ሥራዬ ይኸው ነበር። ብቸና ተመድቤ ስመጣ የተነገረኝም «የሚመጣውን ትለጥፊያለሽ» ተብሎ ነው። ከወሎ እዚህ ድረስ፣ ከእናቴ ቤት ርቄ፣ የሌሎችን ቃል ልለጥፍ መጣሁ ብዬ አንዳንዴ ለብቻዬ እስቅ ነበር።

የተከራየሁት ቤት ባለቤት ሁለቱም ዓይኖቻቸው በሞራ የተሸፈኑ አሮጊት ናቸው። «እማማ» እላቸዋለሁ። እሳቸው ደግሞ «ወሎዬዋ» ይሉኛል። ግቢያቸውን በእግራቸው ስለሚያውቁት እንግዳ ሰው ማየት የተሳናቸው አይመስለውም። ፊቴን ግን አይተውት አያውቁም። ሶላት ስሰግድ በሬን ገርበብ አድርገው ይዘጉልኛል፤ እኔም በጾማቸው ወጥ ስሠራ ሽታው እንዳይሄድባቸው መስኮቴን እዘጋለሁ። እንዲህ ተቻችለን ሳይሆን፣ እንዲህ ተዋደን ነበር የምንኖረው።

ማስታወቂያውን በለጠፍኩ በማግስቱ አዲስ አበባ ያለችው ልጃቸው ደወለችልኝ። ገጻችንን ትከታተላለች፣ ምንም ነገር ስለጥፍ ቀድማ ላይክ የምታደርገው እሷ ናት።

«እህቴ፣ የዓይን ሐኪሞች ሊመጡ ነው የሚባለው እውነት ነው እንዴ?»

«ትናንት ለጥፌው የለ? ላይክ አድርገሻል እኮ።»

«እሱ ነው እንዴ! እኔ እኮ የስብሰባ መግለጫ መስሎኝ ነው። ታክሲ ተራ ቆሜ ነበር፣ ላይክ አድርጌ አለፍኩት።»

ሳቀች። እኔም ሳቅሁ። ስልኩን ዘጋሁት። ማስታወቂያውን እንደገና ከፈትኩት፣ እንደ እሷ ታክሲ ተራ የቆምኩ አድርጌ። ፌስቡክ የረዘመ ጽሑፍ ሲያይ አጥፎ ያስቀምጠዋል፤ ሰው መጀመሪያ የሚያየው ሁለት ሦስት መስመር ብቻ ነው፣ ቀሪውን ለማየት መንካት አለበት። በእኔ ማስታወቂያ ላይ በእነዚያ መስመሮች የሚታየው «የኅብረተሰብ ክፍሎች» እና «ቅድመ ዝግጅት» ነው። ዓይን የሚያድነው ነገር እታች ታጥፎ ቀርቷል።

ደግሞም የገጻችን ተከታዮች ዓይናቸው የታመመባቸው ሰዎች አይደሉም። ልጆቻቸው ናቸው። አዲስ አበባ፣ ባሕር ዳር፣ ደብረ ማርቆስ ያሉ፣ ሹፌሮች፣ ሻጮች፣ የቀን ሠራተኞች። እነሱ አንብበው ካልደወሉ እናት አትሰማም።

እማማ ያን ቀን ማታ ደጃፋቸው ላይ ተቀምጠው ስለታቸውን ሲነግሩኝ ነው የፈራሁት።

«ልጄ ነገረችኝ። እሄዳለሁ። ዓይኔ ከበራልኝ፣ በእመቤቴ፣ ቤቴ በገባሁ በነጋታው ጸበል ወርጄ ፊቴን እያስመታሁ ነው የማመሰግናት። ተስያለሁ።»

ከሞራ ቀዶ ሕክምና በኋላ ዓይን ቁስል ነው። ቁስሉ እስኪገጥም ውኃ ከገባበት ሊያመረቅዝ ይችላል፤ ካመረቀዘ ደግሞ የበራው ዓይን ጭራሽ ሊጠፋ ይችላል። ይህን ከጤና ጣቢያው ነርስ ጋር ስንጫወት ሰምቼዋለሁ። ማስታወቂያው «ፈሳሽ ነገሮች» ይላል። ለእማማ ጸበል ፈሳሽ ነገር አይደለም። ጸበል ጸበል ነው። ለእኔም ቢሆን ለሶላት የምታጠብበት ውኃ፣ ውዱ ነው እንጂ ማን «ፈሳሽ ነገር» ይለዋል?

«እማማ፣ እሱ እንኳ ትንሽ መቆየት ሳይኖርበት አይቀርም» አልኳቸው።

«ለእመቤቴ የተሳልኩትን ነው የምታቆዪኝ?» አሉ፣ በለሰለሰ ድምፅ። የሌላ ሃይማኖት ሰው ነኝ፤ ምን ልበል?

በነጋታው ማለዳ ቢሮ ገብቼ ማስታወቂያውን ቁጭ ብዬ መፍታት ጀመርኩ። ዘዴዬ ቀላል ነበር፤ እያንዳንዱን ግሥ ይዤ «ማን?» እያልኩ መጠየቅ። «ምርመራ ይደረግላቸዋል»፦ ማን ነው የሚመረምራቸው? የዓይን ነርሶች፣ ጤና ጣቢያው ግቢ ውስጥ። ይህ ተገኘ። «ወደ ሞጣ እንዲጓጓዙ ይደረጋል»፦ ማን ነው የሚወስዳቸው? እዚህ ላይ ቆምኩ። ወደ ኃላፊያችን ክፍል ገባሁ።

«ጋሼ፣ ሰዎቹን ሞጣ የሚወስዳቸው ማን ነው?»

ኃላፊያችን መነጽራቸውን ወደ ግንባራቸው አወጡ። «ይጓጓዛሉ ይላል እኮ።»

«እሺ፣ ማን ያጓጉዛቸዋል?»

«መጓጓዣ ተመቻችቷል ማለት ነዋ።»

«ማን አመቻቸው?»

ስልክ አንስተው ወደ በላይ ቢሮ ደወሉ። የዚያኛው ሰው ድምፅ ለእኔም ይሰማኛል፦ «እንዴ! እኛ እኮ በእናንተ በኩል መስሎን!» ኃላፊያችን «እኛም በእናንተ በኩል መስሎን!» አሉ። ሁለቱም ትንሽ ሳቁ፤ ከዚያ ማንም አልሳቀም። ዓይናቸው የማያይ አዛውንቶች ብቸና ቆመው መኪና ሲጠብቁ ታየኝ። እስከ ቀትር ድረስ ስልክ ሲደዋወሉ ውለው አንድ አውቶቡስ ተገኘ። ጋሼ ከክፍላቸው ብቅ ብለው «በይ ጻፊ፣ ‹አውቶቡስ እንልካለን›» አሉኝ። «‹እንልካለን› ካልን ግን መላካችን ነው ማለት ነው፣ ገባሽ?» የፈሩት ይሄንን ነው። «ይደረጋል» ሲባል ባይደረግም ተጠያቂ የለውም።

እስከ ማታ ይህን ጻፍኩ፦

«እናትዎ ወይም አባትዎ በዓይን ሞራ ምክንያት ማየት ተስኗቸዋል? ዛሬ ይደውሉላቸው። ሐኪሞች በነጻ ያክሟቸዋል።

መጀመሪያ ብቸና ጤና ጣቢያ ይምጡ፤ ነርሶች ዓይናቸውን ያያሉ። ቀዶ ሕክምና የሚያስፈልጋቸውን እኛ በአውቶቡስ ሞጣ እንወስዳቸዋለን፣ እንመልሳቸዋለንም።

ቁርስ በልተው ይምጡ። የደም ግፊት ወይም የስኳር መድኃኒት የሚወስዱ ከሆነ አያቋርጡ፣ ይዘውትም ይምጡ። አንድ አስታማሚ አብሯቸው ይምጣ።

ከቀዶ ሕክምናው በኋላ፦ ሐኪሙ እስኪፈቅድ ድረስ ዓይናቸውን ውኃ አይንካው። አይሹት። ለስግደትም ቢሆን አያጎንብሱ። ጸበልም ቢሆን፣ የሶላት ውዱም ቢሆን፣ ዓይን ላይ አይፍሰስ።»

ጋሼ መነጽራቸውን አድርገው አነበቡት። መጨረሻው ላይ ሲደርሱ ወረቀቱን አስቀመጡት።

«ይሄ ምንድን ነው? የጎረቤት ወሬ ነው እንዴ? ‹እናትዎ›... ‹ይደውሉላቸው›...»

«ሰዎቹ እንዲጨርሱት ነው ጋሼ።»

«ይሁን። ጸበልና ውዱ የሚለውን ግን አውጪው። እምነት ውስጥ አንገባም። በተለይ አንቺ...» አሉና አቋረጡት። ጥሩ ሰው ናቸው፤ ፊታቸው ቀላ። «በተለይ ለአንቺ ብዬ ነው። ከተማው ትንሽ ነው። ማን እንደጻፈው ሁሉም ያውቃል።»

«ካወጣሁት ማንም ጸበሉን ፈሳሽ አይለውም። አከራዬ ከሕክምናው በኋላ ጸበል ሊወርዱ ነው።»

«ፈሳሽ ሲባል ይገባቸዋል።»

«እርስዎ ሲሰሙት ገብቶዎት ነበር?»

ወረቀቱን እንደገና አንስተው አዩትና «የቤተ ክርስቲያን ሰው ካላየው አይለጠፍም» አሉ። ይህ ከእምቢታ ይሻላል ብዬ ወጣሁ።

ቀኑ እየሄደ ነበር። ልየታው ሊጀመር ጥቂት ነው የቀረው። የእማማን የነፍስ አባት ቤታቸው ሲመጡ አውቃቸዋለሁ፤ ሰላም ከማለት በላይ ግን ተነጋግረን አናውቅም። ዓርብ ከጁምዓ በኋላ፣ ቢስሚላህ ብዬ፣ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ሄድኩ። ከቅጥሩ ውጭ ቆሜ አንዲት ሴት እንድትጠራልኝ ለመንኩ። ሻርፔን አሁንም አሁንም አስተካክላለሁ። የሚያልፈው ሁሉ የሚያየኝ መሰለኝ፤ ምናልባትም አያየኝም ነበር።

አባ ወጡ። ስልኬን ይዤ ጽሑፉን አነበብኩላቸው። ስጨርስ እንደገና አንብቢልኝ አሉ። እንደገና አነበብኩ።

«‹አይፍሰስ› አይባልም ልጄ» አሉ።

«ይቅርታ አባ፣ እኔ...»

«ቆይ፣ ልጨርስ። ‹አይፍሰስ› ስትዪ ሰውየው የሚሰማው ጸበሉን የከለከልሽው ነው። ማን ነሽ አንቺ ይልሻል። እኔንም ቢሆን ይለኛል። ጸበሉን ይጠጣው። ከአንገቱ በታች ይረጭ። ለዓይኑ ደግሞ ‹ቆዩ› በዪው። ሐኪሙ ሲፈቅድ ያን ጊዜ ይታጠባል። ጸበሉ የትም አይሄድም።»

«‹ቆዩ› ልበል?»

«‹ቆዩ› በዪ። መቆየት እኛ ዘንድ ያለ ነገር ነው። የእናንተውንስ ማን ነገረሽ?»

«የእኛን አባቴ ነገረኝ። ለታመመ ሰው መላ አለው፤ ሸሆቹ ያሳዩታል።»

«በይ እንግዲያ የእናንተንም ‹ቆዩ› በዪው፣ አብረው ይቆዩ» ብለው ፈገግ አሉ። «አከራይሽን ግን እኔ አልነግራትም። ስለቱን የነገረችው ለእመቤታችን ነው። መጥታ ከጠየቀችኝ እመልስላታለሁ። አንቺ ጽፈሽ ልጇ ታንብብላት።»

ይህ አላሳረፈኝም። እንዲነግሯቸው ነበር የፈለግሁት። ቤት ደርሼ የመጨረሻውን መስመር እንዲህ ቀየርኩት፦ «ጸበሉን ይጠጡት፣ ከአንገት በታችም ይረጩት። ዓይን ላይ ግን ሐኪሙ እስኪፈቅድ ይቆዩ። ውዱ ለሚያደርጉም እንደዚሁ፤ ሸሆቻችሁን ጠይቁ።» ጋሼም፣ ጽሑፉን አባ እንደሰሙት ስነግራቸው «ለጥፊው» አሉ።

ለጠፍኩት። የመጀመሪያው አስተያየት የመጣው ወዲያው ነው፦ «ስለ ጸበላችን የምታስተምሩን እናንተ ማን ናችሁ?» ላጥፋው? ላስቀምጠው? ስልኩን ገልብጬ የዐስር ሶላት ሰገድኩ፤ ሐሳቤ ግን አልተሰበሰበም። ስመለስ አንድ ሹፌር «ወንድሜ፣ ቆዩ ነው የሚለው፣ አትሂዱ አላለም፤ እስከ መጨረሻ አንብበው» ብሎ መልሶለታል። ከሥሩ የእማማ ልጅ፦ «አሁን ለእናቴ ደውዬ ሙሉውን አነበብኩላት።» ሙሉውን። ያቺን ቃል ደጋግሜ አየኋት።

ግን ምን አሉ? አልጻፈችም። እማማም አልነገሩኝም፤ እኔም ለመጠየቅ ፈራሁ።

በልየታው ቀን ጤና ጣቢያው በሰው ሞላ። እማማ ለቀዶ ሕክምናው ተመረጡ። አውቶቡሱ መጣ፣ ጋሼ ራሳቸው በሩ ላይ ቆመው ሽማግሌዎቹን እጅ እየያዙ አሳፈሩ። እኔ የእማማ አስታማሚ ሆኜ በደብረ ወርቅ በኩል ወደ ሞጣ ሄድን። የአንድ ዓይናቸው ቀዶ ሕክምና ብዙም አልቆየም። በነጋታው ሐኪሟ ፋሻውን አነሳችላቸው። እማማ ዓይናቸውን ጥቂት ካርገበገቡ በኋላ ወደ እኔ ዞሩና ለረጅም ጊዜ አዩኝ።

«ኧረ አንቺ ልጅ፣ ቀጭን ነሽ! ድምፅሽ እኮ የወፍራም ነው።»

ክፍሉ ሁሉ ሳቀ። እኔ አለቀስኩ። ሐኪሟ ጠብታውን እንዴት እንደሚያደርጉ አሳየችን፤ ለምርመራ የምንመለስበትን ቀን ነገረችን። እማማ አንገታቸውን ነቀነቁ። ስለ ስለታቸው ትንፍሽ አላሉም።

ብቸና በገባን በነጋታው ማለዳ ተነስቼ ስወጣ የእማማ በር ተቆልፏል። ጎረቤታችን «ጸበል ወርዳለች፣ ነጠላዋን ለብሳ፣ በራሷ ዓይን መንገዱን እያየች!» አለችኝ፣ ደስ ብሏት። ልከተላቸው? ጸበል ቦታ ሄጄ፣ እኔ፣ እጃቸውን ልይዝ? ቤቴ ተመለስኩ። ውዱ አድርጌ ሰገድኩ። ግንባሬ መሬት ላይ እያለ ያልኩት ዱዓ አንድ ብቻ ነው፤ ዓይኗን ጠብቅላት።

ሲመለሱ ነጠላቸው ከትከሻቸው በታች ርሷል። ፀጉራቸውን አየሁ፤ ደረቅ ነው? የረጠበ መሰለኝ። ዓይናቸውን ለማየት ቀረብኩ።

«ምን ታፈጪብኛለሽ? አሁን በተራዬ እኔ ልይ እንጂ!»

«እማማ፣ ዓይንዎ ላይ...»

«ልጄ በስልክ አነበበችልኝ፤ ጠጥቻለሁ፣ ከአንገት በታች ተረጭቻለሁ። አጥማቂው ፊቴን ሊመታኝ ሲል ‹ቆዩ› ብዬዋለሁ። ‹ማን አለሽ?› አለኝ። ‹የነፍስ አባቴን ጠይቅ› አልኩት።» ከዚያ ዝግ ብለው፣ «ግን ሲረጨኝ ፊቴ ላይም ትንሽ ጠብ ሳይልብኝ አልቀረም።»

ትንሽ። ይህቺ «ትንሽ» እስከ ምርመራው ቀን እንቅልፍ ነሣችኝ። ጠዋት ማታ ጠብታውን እያደረግኩ ነጩን አየዋለሁ። ቀላ? ወይስ ብርሃኑ ነው? እማማ «ገና ባየሁሽ በዓይንሽ ልትበዪኝ ነው!» ይሉኛል።

ለምርመራ ሞጣ ስንሄድ ሐኪሟ በመሣሪያዋ አየቻቸው። «ንጹሕ ነው እናቴ» አለች። «አልሐምዱሊላህ» አልኩ፣ ጮክ ብዬ፤ እማማ «አሜን» አሉ።

ከእኛ ቀጥሎ የገባው ሽማግሌ ግን ዓይኑ ቀልቶ፣ አብጦ፣ በእጁ ከልሎት ነበር። ለቀዶ ሕክምናው ከብቸና በአንድ አውቶቡስ አብሮን የመጣ ሰው ነው። ሐኪሟ መልኳ ተለወጠ፤ ቶሎ አልጋ አስያዘችው፤ መርፌም አዘዘች። «ውኃ ነክቶት ነበር?» አለችው።

«ወንዝ ወርጄ ፊቴን ታጠብኩ። የዳንኩ መስሎኝ ነዋ፣ ማየት ስለጀመርኩ።»

አልጋው አጠገብ ቁጭ አልኩ። «አባቴ፣ ማስታወቂያውን አልሰሙም?»

«ሰማን እንጂ። ቀበሌ ሰሌዳው ላይ የተለጠፈውን የጎረቤት ልጅ ጮክ ብሎ አነበበልን። ረጅም ነው። ቀኑ ደግሞ ገበያ ነበር። ‹እየገለጽን› እስከሚለው ድረስ ቆመን ሰማን፣ ከዚያ ተበተንን።»

የእኔ ጽሑፍ አልነበረም። ማህተም ያረፈበት አሮጌው ነው፣ ቀበሌው ሰሌዳ ላይ እስካሁን ያለው። እኔ ስልክ ላይ ያለውን ቀየርኩ፣ ወረቀቱ እንዳለ ነው። ልጅ የሌለው፣ ወይም ልጁ ስልክ የሌለው ሰው ያነበበው ያንን ነው። በፌስቡክ ላይ ስጨነቅ ሰሌዳውን አንድም ቀን ቀና ብዬ አላየሁትም።

ከሆስፒታሉ ግቢ ወጥቼ ለጋሼ ደወልኩ።

«ሰሌዳው ላይ ያለው ይነሳ።»

«ማን ያነሳዋል?» አሉ፣ ሳያስቡት። ያ የእኔ ጥያቄ ነበር።

«ባለ ማህተሙ እሱ ብቻ ነው» አሉ ቀጥለው፣ ድምፃቸው ዝቅ ብሎ። «የአንቺው ጽሑፍ ማህተም የለውም።»

«ይኑረው እንግዲያ፤ ይምቱበት። የሌሎቹ ምርመራ አላለቀም፣ ቤታቸው ያሉ አሉ።»

«ሰውየው እንዴት ነው?»

«አላወቅንም። መርፌ እየሰጡት ነው። ዓይኑን ያድነው ብለው ይጸልዩለት።»

«አሁን ራሴ ሄጄ አነሳዋለሁ» አሉ። ‹ይነሳል› አላሉም። ከስልኩ ውስጥ ወንበር ሲገፋ፣ ቁልፍ ሲንሿሿ ሰማሁ።

ተመልሼ ገባሁ። እማማ ሽማግሌው ራስጌ ተቀምጠው፣ በአዲሱ ዓይናቸው እያዩት፣ ልጃቸው ያነበበችላቸውን በቃላቸው እየነገሩት ነበር፦ አትሸው፣ አታጎንብስ፣ ቆይ። እሱ የታመመውን ዓይኑን ጨፍኖ እስከ መጨረሻው ያዳምጣል።